ብሩን ሳይሆን ብዛቱን የሚጠይቅ ኢሜይል

የበጀት ዓመታቸውን ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምሩ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ግንቦት ሲገባ የሚጠብቃቸው ኢሜይል አለ። ላኪው የፋይናንስ ኦፊሰሩ ነው፤ ተቀባዮቹ የፕሮግራም ሠራተኞች ናቸው፤ ከሥሩ አንድ የኤክሴል ቴምፕሌት ተያይዟል። ብዙ ጊዜ የሚለው ይህን ነው፦ «ውድ ባልደረቦች፣ የሚቀጥለውን ዓመት በጀታችሁን በተያያዘው ቅጽ ሞልታችሁ በአስቸኳይ ላኩልን።»

ለእንዲህ ያለ ኢሜይል የሚመጣው መልስም ይታወቃል። የጤና ፕሮጀክቱ አስተባባሪ «ሥልጠና፦ 124,000 ብር» ብሎ በአንድ መስመር ይልካል። የውኃ ፕሮጀክቱ ያለፈውን ዓመት ፋይል ዓመተ ምህረቱን ብቻ ቀይሮ ይመልሳል። አንዱ ደግሞ መስክ ላይ ስለሆነ ጭራሽ አይመልስም። ፋይናንስ ክፍሉ «ፕሮግራሞች በጀት አያውቁም» ይላል፤ ፕሮግራሞቹም «ፋይናንሶች ሥራውን አያውቁም» ይላሉ። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ችግሩ ኢሜይሉ ለማን ምን እንደሚጠይቅ አለመለየቱ ላይ ነው።

አንድን ሥራ በብር ለመተመን ሁለት ዓይነት እውቀት ያስፈልጋል። ስንት ሰው ይሠለጥናል፣ ለስንት ቀን፣ ከየት ይመጣል፣ በየትኛው ወር የሚለውን የሚያውቀው የፕሮግራም ሠራተኛው ብቻ ነው። የውሎ አበሉ መጠን፣ የአዳራሽ ኪራዩ፣ ግብሩና የምንዛሪው ተመን ደግሞ ፋይናንስ ክፍል እጅ ላይ ናቸው። ስለዚህ ጥሩ ኢሜይል ከፕሮግራም ሠራተኛው ብር አይጠይቅም፤ ብዛት ይጠይቃል። ነጠላ ዋጋውን ፋይናንስ ራሱ ቀድሞ ሞልቶና ቆልፎ ይልካል።

የጤና አስተባባሪውን ሥልጠና እንውሰድ። ዋጋዎቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። 30 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለ3 ቀን ሊሠለጥኑ ታቅዷል። ሥራው ሲዘረዘር፣ ሠልጣኞቹ ከየቀበሌያቸው ወደ ዞኑ ከተማ ለመምጣት አንድ የጉዞ ቀን ስላላቸው ውሎ አበሉ ለ4 ቀን ይታሰባል፤ በቀን 600 ብር ሲሆን 72,000 ብር ይመጣል። ሁለት አሠልጣኞች መምጫና መመለሻቸውን ጨምሮ ለ5 ቀን በቀን 1,000 ብር፣ 10,000 ይሆናል። የሠልጣኞች ትራንስፖርት ለእያንዳንዳቸው 400 ብር፣ በድምሩ 12,000 ነው። አዳራሽ ለ3 ቀን 15,000፣ ሻይ ቡና ለ32 ሰው በቀን 250 ብር ሒሳብ 24,000፣ የጽሕፈት መሣሪያ 9,000 ይደርሳል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ለቫት ከተመዘገበ ሆቴልና ሱቅ የሚገዙ ስለሆኑ 15 በመቶ ቫት፣ ማለትም 7,200 ብር ይጨመርባቸዋል። ድምሩ 149,200 ብር ነው።

አስተባባሪው የላከው 124,000 ነበር። ልዩነቱ 25,200 ብር ሲሆን ከሁለት ቦታ የመጣ ነው፦ 18,000 ብሩ የተረሳው የጉዞ ቀን አበል፣ 7,200 ብሩ ደግሞ ቫቱ። በአንድ መስመር በተጻፈ ድምር ውስጥ ሁለቱም አይታዩም። የሚታዩት ኅዳር ላይ ሠልጣኞቹ አዳራሽ ከገቡ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገንዘቡ ከሌላ የበጀት መደብ ሊዛወር ነው፣ ለዚያም የለጋሹ ፈቃድ ሊያስፈልግ ነው። ጥያቄው በብዛት ተከፋፍሎ ቢቀርብ ኖሮ «የቀን ብዛት» የሚለው ቦታ ላይ 3 ወይስ 4 እንደሚል አስተባባሪው ራሱ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ቫቱን ማሰብ ግን የእሱ ሥራ አይደለም፤ የቴምፕሌቱ ነው።

በምንዛሪም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ቁጥሩን ለፕሮግራሞቹ የተወ ቴምፕሌት ምን እንደሚያመጣ መገመት አይከብድም። ለ10,000 ዶላር ዕርዳታ አንዱ በአሮጌው ተመን 570,000 ብር ሲይዝ ሌላው በአዲሱ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ይይዛል፤ ሁለቱ ሲደመሩ የሚገኘው ቁጥር ምንም ትርጉም የለውም። መድኃኒቱ ተመኑን በአንድ ሴል ብቻ አስቀምጦ መቆለፍና የትኛው ቀን ተመን እንደሆነ በኢሜይሉ መናገር ነው።

ከብዛቱ ጋር መጠየቅ ያለበት ሌላው ነገር ወሩ ነው። ወር ያልተጠቀሰበትን ሥራ ፋይናንስ ክፍሉ ለአራት ሩብ ዓመት እኩል ያካፍለዋል፤ ለሥልጠናው በየሩብ ዓመቱ 37,300 ብር ማለት ነው። ሥልጠናው የሚካሄደው ግን ክረምቱ ካለፈና መንገዱ ከደረቀ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ሪፖርት «ሥራ አልተሠራም» ይላል፤ ቀጣዩ ደግሞ «ከበጀት በላይ ወጣ» ይላል። ሥራው በዕቅዱ መሠረት ሄዶ ሳለ ሁለቱም ሪፖርቶች ለለጋሹ ማብራሪያ ያስጽፋሉ።

የማስረከቢያ ቀኑ ከየት እንደመጣ ሲነገር ሰው ያከብረዋል። ቀኑ የሚቆጠረው ወደ ኋላ ነው። የ2018ን በጀት የሚያጸድቀው ቦርድ ሰኔ 14 ቀን 2017 የሚሰበሰብ ከሆነ ሰነዱ ከሳምንት በፊት፣ ሰኔ 7 አባላቱ እጅ መግባት አለበት። ዋና ሥራ አስኪያጁ አይቶ ለማስተካከል አንድ ሳምንት ከተሰጠው ረቂቁ ግንቦት 30 ማለቅ አለበት። ፋይናንስ ክፍሉ ለማጠቃለልና ጥያቄ ይዞ ወደ ፕሮግራሞቹ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ከወሰደ የማስረከቢያው ቀን ግንቦት 15 ይሆናል። ይህ ስሌት በኢሜይሉ ውስጥ በሁለት መስመር ሲጻፍ ቀኑ የቢሮ ቁጣ መሆኑ ቀርቶ ምክንያት ያለው ይሆናል።

እኛ ዘንድ ደግሞ የቀንና የሰዓት አጻጻፉ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «15/9/2017» ሲጻፍ ለአንዱ ግንቦት 15 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለሚሠራው የለጋሽ ተወካይ ግን ሴፕቴምበር ነው። «እስከ 11 ሰዓት» የሚለውን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ የመዘገበ ሰው ደግሞ ማስታወሻው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ይጮህበታል። ስለዚህ የሳምንቱ ቀን፣ የወሩ ስም በፊደል፣ ሁለቱም አቆጣጠርና «ከቀኑ» ወይም «ከጠዋቱ» የሚለው ቃል አብረው መጻፍ አለባቸው።

ቴምፕሌቱም የሚበላሽበት የታወቀ መንገድ አለው። የብዛት ሴል ውስጥ ሰው «30 ሰው» ብሎ ይጽፋል። ለእሱ ግልጽ ነው፤ ኤክሴል ግን ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ አድርጎ ይወስደውና ብዛትን በቀን፣ ቀንን በዋጋ የሚያባዛው ቀመር ሥራ ያቆማል።

```
=C5*D5*E5
#VALUE!
```

ይህ ስሕተት ቢያንስ ይታያል። የማይታየው የድምሩ ነው፤ `SUM` ጽሑፍ ያለበትን ሴል ዝም ብሎ ይዘለዋል። አንድ ሰው ድምሩ ላይ «12,000 ብር» ብሎ በእጁ ቢጽፍ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ከጠቅላላው ይጎድላል፤ ቅጹም ጤነኛ ይመስላል። መከላከያው በብዛቱና በቀኑ ሴሎች ቁጥር ብቻ እንዲገባ መገደብ፣ «ሰው»፣ «ቀን»፣ «ሊትር» የሚለውን መለኪያ ለብቻው ዓምድ መስጠት፣ ቀመር ያለባቸውን ሴሎች መቆለፍ ነው። ማወቂያው ደግሞ መልሱ ሲደርስ ሁለትና ሦስት መስመር በካልኩሌተር መደመር ነው።

እንግዲህ ኢሜይሉ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የ2018 በጀት የሥራ ብዛት፣ እስከ ዓርብ ግንቦት 15

ለፕሮግራም ክፍል ባልደረቦች በሙሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። በ2018 ዓ.ም. የምትሠሯቸውን ሥራዎች በተያያዘው ቅጽ እንድትሞሉልን እንጠይቃለን። የምትሞሉት ቢጫ የተቀቡትን ሴሎች ብቻ ነው፦ የሥራው ስም፣ ብዛት፣ መለኪያ፣ የቀን ብዛት (የጉዞ ቀንን ጨምሮ)፣ የሚሠራበት ወር። ነጠላ ዋጋ፣ ቫትና የምንዛሪ ተመን እኛ ሞልተናል፤ ዋጋው ከአካባቢያችሁ ገበያ ጋር የማይገጥም ከሆነ በማስታወሻ ዓምዱ ላይ ጻፉልን እንጂ አትቀይሩት። የመጀመሪያው መስመር ላይ የተሞላ ምሳሌ አለ።

የምንፈልገው እስከ ዓርብ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. (ሜይ 23፣ 2025) ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ነው። ቦርዱ ሰኔ 14 ስለሚሰበሰብ ግንቦት 30 ረቂቁን መጨረስ አለብን። በዚያ ቀን ያልደረሰን ሥራ በረቂቁ ውስጥ አይካተትም። መስክ ላይ ያላችሁና ፋይሉን መክፈት የማትችሉ ደውሉልን፤ በስልክ እየነገራችሁን እኛ እንሞላለን። ረቡዕ ግንቦት 13 ከሰዓት በኋላ ጥያቄ ላለው ሰው ቢሮ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር»

ሰኞ ግንቦት 4 የተላከ እንዲህ ያለ ኢሜይል አሥራ አንድ ቀን ይሰጣል። ወረዳ የወጣ ሰው ተመልሶ ለመሙላት ይበቃዋል፤ ለመርሳት ግን አይረዝምም። በስልክ ስለመሙላት የተጻፈችው መስመርም ያለ ምክንያት አልገባችም፤ ኔትወርክ በማይዝበት ወረዳ ያለ ባለሙያ የኤክሴል ፋይል በስልኩ ከፍቶ ይሞላል ብሎ መጠበቅ መልስ አልፈልግም እንደማለት ነው።

ብዛት መጠየቅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በጀቱ ሲቀነስ ነው፤ መቀነሱም አይቀርም። ቦርዱ ከሥልጠናው 20,000 ብር ቀንሱ ቢል፣ በአንድ መስመር ከተጻፈ ድምር ላይ 20,000 መፋቅ ብቻ ነው የሚቻለው፤ ምን እንደቀረ የሚያውቅ የለም። በዝርዝሩ ላይ ግን አንድ ሠልጣኝ ቫቱን ጨምሮ 4,007 ብር ከ50 ሳንቲም እንደሚፈጅ ይታያል፤ አምስት ሠልጣኝ ቢቀር 20,037 ብር ከ50 ይተርፋል። አንድ የሥልጠና ቀን ቢቀር ደግሞ 34,950 ብር ይተርፋል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለውን ፋይናንስ ክፍሉ ሊመልስ አይችልም፤ ሦስተኛው ቀን የተግባር ልምምድ ከሆነ መነካት የለበትም ብሎ ሊከራከር የሚችለው አስተባባሪው ነው። ስለዚህ የፋይናንስ ኦፊሰሩ ሥራ መልሶችን በመሰብሰብ አያበቃም፤ ከቦርዱ በኋላ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተቀነሰውን በብር ብቻ ሳይሆን በብዛት ጽፎ መልሶ መላክ አለበት። ያን መልስ ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ግንቦት የሚሞላው ቅጽ በእርግጥ እንደሚነበብ ስላወቀ አስቦ ይሞላዋል።