ጨውና ዝግታ፦ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ለምን አንዱ በሰከንድ፣ ሌላው በዓመታት ይፈታል?

እ.ኤ.አ. በጁን 2012 ሥራ ፈላጊዎችና ባለሙያዎች ከሚገናኙበት ከሊንክድኢን የተሰረቁ 6.5 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃል መዛግብት በኢንተርኔት ላይ ተለጥፈው ተገኙ። ብዙዎች ነገሩ በዚያው ያበቃ መስሏቸው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 2016፣ የዚያው ስርቆት እውነተኛ ልክ ታወቀ። የ117 ሚሊዮን ሰዎች የኢሜይል አድራሻ ከነይለፍ ቃል መዝገቡ ለሽያጭ ወጥቶ ነበር።

ድርጅቱ የይለፍ ቃሎቹን እንዳሉ በግልጽ አላስቀመጣቸውም። ሃሽ በሚባለው ዘዴ ለውጧቸው ነበር። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ ተፈቱ። ለምን?

ሃሽ ማለት እንደ ወፍጮ ነው። ጤፉ አንዴ ከተፈጨ ዱቄቱን መልሶ ፍሬ ማድረግ አይቻልም። ድረ ገጹ የሚያስቀምጠው ዱቄቱን ብቻ ነው። ተጠቃሚው ተመልሶ ሲመጣ የጻፈው ቃል እንደገና ይፈጫል፤ የወጣው ዱቄት ከተቀመጠው ጋር አንድ ከሆነ በሩ ይከፈትለታል። ሊንክድኢን ይጠቀምበት የነበረው ወፍጮ ሻ-ዋን ይባላል። `123456` የሚለውን የይለፍ ቃል ቢፈጩበት ሁልጊዜ የሚወጣው ይህ ነው፦

```
7c4a8d09ca3762af61e59520943dc26494f8941b
```

ችግሩ ያለው «ሁልጊዜ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ከተሰረቁት መዛግብት ውስጥ ከ750 ሺህ በላይ የሚሆኑት የዚሁ የ`123456` ነበሩ፤ የሁሉም ዱቄት ደግሞ ፊደል ሳይዛነፍ አንድ ዓይነት ነው። ሌባው ዱቄቱን ወደ ፍሬ መመለስ አያስፈልገውም። ሰዎች የሚያዘወትሯቸውን ቃላት ራሱ እየፈጨ ውጤቱን ከተሰረቀው ዝርዝር ጋር ያስተያያል። አንዴ ፈጭቶ 750 ሺህ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ያገኛል። ይባስ ብሎ፣ ሌሎች አስቀድመው ፈጭተው ያዘጋጁት ሰንጠረዥ ካለ ፈልጎ ማግኘት ብቻ ይበቃዋል።

ጨው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ አንድ ረጅም ቁጥር ያወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 16 ባይት ይሆናል። ያንን ቁጥር ከይለፍ ቃሉ ጋር ቀላቅሎ ይፈጭና ጨውንም ዱቄቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። የእያንዳንዱ ሰው ጨው የተለየ ስለሆነ `123456` የመረጡት 750 ሺህ ሰዎች 750 ሺህ የተለያየ ዱቄት ይኖራቸዋል። አስቀድሞ የተዘጋጀው ሰንጠረዥም ዋጋ ያጣል።

«ጨው አብሮ ከተሰረቀ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጨው ምስጢር እንዲሆን አልታሰበም። ሥራው አንዱ ልፋት ለሁሉም እንዳይበቃ ማድረግ ነው። ጨው ከሌለ ሌባው አንድን ግምት አንዴ ፈጭቶ በ117 ሚሊዮን ሰዎች ላይ ይሞክረዋል። ጨው ካለ ያንኑ ግምት ለእያንዳንዱ ሰው ከራሱ ጨው ጋር እንደ አዲስ መፍጨት ይኖርበታል።

ጨው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። ሌባው ሰዎች አዘውትረው የሚመርጧቸውን 10 ሺህ የይለፍ ቃሎች ይዟል እንበል። ጨው በሌለበት 10 ሺህ ጊዜ ብቻ ይፈጫል፤ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይፈጅበትም። ጨው ካለ 10 ሺህ በ117 ሚሊዮን ይባዛና 1.17 ትሪሊዮን ይደርሳል። ቁጥሩ ያስፈራል። ነገር ግን በ2022 ለገበያ የቀረበ አንድ ኃይለኛ የጌም ግራፊክስ ካርድ ሻ-ዋንን በሰከንድ 50 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይፈጫል። ሥራው በ23 ሰከንድ ያልቃል። ሻ-ዋን የተሠራው ትልልቅ ፋይሎችን በፍጥነት ለማረጋገጥ ነው። ለፋይል መልካም የሆነው ፍጥነት ለይለፍ ቃል ጠላት ሆነ።

ስለዚህ ሁለተኛው መድኃኒት ሆን ተብሎ የዘገየ ወፍጮ ነው። ኒልስ ፕሮቮስና ዴቪድ ማዚየር በ1999 ያቀረቡት ቢክሪፕት ከእነዚህ አንዱ ነው። ጨው ከውስጡ አይለይም፤ የዝግታውንም መጠን ባለቤቱ ይመርጣል። ከተቀመጠው መዝገብ ፊት `$2b$12$` የሚል ምልክት ከታየ 12 የዝግታው ደረጃ ነው፤ የመፍጫው ዋና ዙር 4,096 ጊዜ ይደጋገማል ማለት ነው። ደረጃው በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሮች ሲፈጥኑ ወፍጮውም አብሮ ሊከብድ ይችላል። ተጠቃሚው ሲገባ የሚጠብቀው የሰከንድ ሩብ ገደማ ነው፤ አይታወቀውም። ያ ፈጣን ካርድ ግን በዚህ ደረጃ በሰከንድ ወደ 1,400 ጊዜ ብቻ ይፈጫል። በ23 ሰከንድ ያልቅ የነበረው ሥራ ከ26 ዓመት በላይ ይወስድበታል። መቶ ካርድ ቢያሰልፍ እንኳ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ያ ጊዜ ድርጅቱ ስርቆቱን እንዲያሳውቅ፣ ሰዎችም ቃላቸውን እንዲቀይሩ ይበቃል።

ጥሩ ወፍጮ መግዛት ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። በ2015 አሽሊ ማዲሰን ከተባለው የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ ድረ ገጽ 36 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃል መዛግብት ወጡ፤ ሁሉም በቢክሪፕት፣ በደረጃ 12 የተፈጩ ነበሩ። ባለሙያዎችም ለመፍታት ምዕተ ዓመታት ይፈጃል ብለው ነበር። ሳይኖሹር ፕራይም የተባለ ቡድን ግን የወጣውን የፕሮግራም ኮድ ሲመረምር ሌላ በር አገኘ። ለ15 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የይለፍ ቃላቸው ከተጠቃሚ ስማቸው ጋር ተቀላቅሎ ኤምዲ5 በሚባል ፈጣን ወፍጮ ተፈጭቶ ለሌላ ጉዳይ ተቀምጦ ነበር። ቡድኑ በዚያ በኩል ገብቶ በአሥር ቀን ገደማ ከ11 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃሎችን ፈታ። ዋናው በር በብረት ተዘግቶ የጓዳው በር ክፍት ሲቀር ቤቱ ተዘግቷል አይባልም።

የመጨረሻው ወሰን በእኛ በተጠቃሚዎቹ እጅ ያለው ነው። ሌባው 117 ሚሊዮኑን ትቶ እርስዎን ብቻ ቢፈልግ፣ የይለፍ ቃልዎም ከእነዚያ 10 ሺህ አንዱ ቢሆን፣ ጨውም ዝግታም ያሉት መዝገብ የሚያቆየው ሰባት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዘፈቀደ የተመረጡ ስምንት ትንንሽ የላቲን ፊደላት ቢሆኑ ግን ያ ካርድ ሁሉንም ለመሞከር አራት ዓመት ከስምንት ወር ይወስድበታል። እነዚያው ፊደላት በሻ-ዋን ቢፈጩ ኖሮ አራት ሰከንድ ይበቁ ነበር።

ድረ ገጹ የትኛውን ወፍጮ እንደሚጠቀም ከውጭ ማየት አንችልም። አንድ ነገር ግን ሁላችንም ልናይ እንችላለን። የይለፍ ቃልዎን ረስተው «ረሳሁ» ሲሉ የቀድሞውን ቃል ራሱን በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት ከላኩልዎ፣ ያ ድረ ገጽ ቃልዎን መልሶ ማንበብ ይችላል ማለት ነው፤ የተፈጨ ዱቄት ወደ ፍሬ አይመለስምና። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰዎት ዕለት ያንን ቃል የሰጡበትን ሌላ ቦታ ሁሉ፣ ከኢሜይልዎ ጀምረው፣ ይቀይሩት።