የሚሸጥ ባለ ሁለት መኝታ፦ ሳይጋነን የሚጻፍ የቤት ማስታወቂያ

«ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ 65 ካሬ፣ እጅግ ውብና ሰፊ፣ ምቹ ሰፈር፣ ዕድሉ እንዳያመልጥዎ!» የአዲስ አበባ ቤት ፈላጊ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ በየቀኑ ያነባል። አንብቦ ሲጨርስ ግን ለመወሰን የሚረዳው ነገር አላገኘም። ስንተኛ ፎቅ ነው? ውሃ በየስንት ቀኑ ይመጣል? ካርታው ወጥቷል? የባንክ ዕዳ አለበት? ይህን ለማወቅ ይደውላል፣ ደላላ ይከተላል፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ይሄዳል፤ ደረጃውን ወጥቶ ጣራው ላይ የውሃ ነጠብጣብ ሲያይ ተመልሶ ይወርዳል። ሻጩም ቀኑን ሙሉ በር ሲከፍት ይውላል።

ይህንኑ ቤት ይዘን ማስታወቂያውን እንደገና እንጻፈው። ለምሳሌ ያህል ቤቱ በ20/80 የተሠራ፣ ጂ+4 ሕንፃ ላይ የመጨረሻው ፎቅ ነው እንበል።

መጀመር ያለብን ከስፋቱ ነው፤ ብዙ ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነውና። ሻጩ «65 ካሬ» ያለው ከደረጃውና ከጋራ መተላለፊያው ለቤቱ የሚደርሰውን ድርሻ ጨምሮ ነው። ገዢው ግን አልጋና ሶፋ የሚዘረጋው በግድግዳዎቹ መካከል ባለው ወለል ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሜትር ይዘን እንለካ። ሳሎን 4.20 በ3.60፣ ዋናው መኝታ 3.60 በ3፣ ሁለተኛው መኝታ 3 በ2.70፣ ወጥ ቤት 2.40 በ1.80፣ መታጠቢያ ቤት 2 በ1.40፣ ኮሪደር 3 በ1.10። ተደምሮ ከ44 ካሬ ትንሽ ይበልጣል፤ በረንዳው ሲጨመር ወደ 47 ይደርሳል። ሻጩ 65 ሲል ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ ነገር ግን 65 ብሎ የጋራውን ድርሻ መጨመሩን ካልተናገረ ገዢው አንድ ተጨማሪ ክፍል እየጠበቀ ይመጣል። መፍትሔው ሁለቱንም ቁጥር ምን ምን እንደሆነ ገልጾ ማስቀመጥ ነው። የክፍሎቹን ልክ መጻፍ ደግሞ «ሰፊ» ከሚለው ቃል እጅግ ይሻላል፤ ሁለተኛው መኝታ ውስጥ ባለ 1.50 አልጋ ገብቶ ለቁምሳጥን ቦታ ይተርፍ እንደሆነ ገዢው ቤቱ ተቀምጦ ያሰላዋል።

ፎቶውም ከልኩ ጋር መስማማት አለበት። ስልኩን ሰፊ ማዕዘን ላይ አድርገው ከጥግ ሲያነሱ 3 ሜትር የሆነው ክፍል 5 ሜትር ይመስላል። ይህን የሚያጋልጠው ወለሉ ነው። ሴራሚኩ ባለ 40 ሳንቲም ከሆነና በአንድ በኩል ዘጠኝ ረድፍ ከተቆጠረ፣ ክፍሉ 3.60 ሜትር ነው፤ ፎቶው ምንም ቢለጠጥ የሴራሚኩ ቁጥር አይቀየርም። ውጭ አገር ሆኖ በዘመድ በኩል ቤት የሚያፈላልግ ሰው ይህን ዘዴ ቢያውቅ ከብዙ ክርክር ይድናል። ታማኝ ሻጭ ደግሞ በር ላይ ቆሞ፣ በተለመደው የካሜራ ልክ፣ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ያነሳል።

ቀጥሎ ፎቁ ነው። «አራተኛ ፎቅ» ሲባል ምድር ቤቱን አንድ ብሎ የሚቆጥርም፣ የማይቆጥርም አለ፤ «ጂ+4፣ የመጨረሻው ፎቅ፣ ሊፍት የለውም» ካልን ግን ክርክር የለም። ጉልበቱን የሚያመው አባት ወይም ሕፃን ያዘለች እናት ለዚህ ቤት እንደማይሆኑ ከቤታቸው ሳይወጡ ያውቃሉ። የመጨረሻው ፎቅ የራሱ ጥቅም አለው፤ ከላይ የሚረግጥ ጎረቤት የለም፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። በክረምት ግን ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይጮኻል፣ በበጋ ቀትር ይሞቃል፣ የቆርቆሮው ምስማር ከላላ ደግሞ ውሃ ሊያስገባ ይችላል። በእኛ ምሳሌ የዋናው መኝታ ጣራ ጥግ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ብዙ ሻጭ እንዲህ ሲሆን ያችን ጥግ ብቻ ቀለም ይቀባል። ልምድ ያለው ገዢ ግን አንድ ጥግ ከሌላው ሲነጣ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላው ክፍል የሚነገረውንም ማመን ያቆማል። «ባለፈው ክረምት አፍስሶ ነበር፤ ቆርቆሮው ተጠግኗል፤ ምልክቱ አልተቀባም» ተብሎ ቢጻፍ ዋጋ የሚነካ ቢሆንም፣ ድርድሩ መጨረሻ ላይ ከሚወጣ ምስጢር ይልቅ የሚቀንሰው ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

የውሃው ነገር ከሁሉም በላይ በቁጥር መነገር አለበት። «ውሃ አለ» ማለት በአዲስ አበባ ምንም አይናገርም። ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣና ቤቱ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ያለው ከሆነ፣ ገዢው ራሱ ያሰላዋል፤ አራት ሰው በቀን ሃምሳ ሃምሳ ሊትር ቢጠቀም በቀን 200 ሊትር ይሄዳል፣ ስለዚህ ሮቶው ለአምስት ቀን ይበቃል። ነገር ግን ሮቶው ያለው መሬት ላይ ነው፤ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚገፋው ፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቆማል። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ማስታወቂያው ላይ ብትኖር ገዢው ቤት ውስጥ ተጨማሪ በርሜል ማኖር እንዳለበት ገና ሳይገባ ያውቃል።

ሰነዱን በተመለከተ «ካርታ ያለው» ብቻ ማለት አይበቃም። ካርታው በሻጩ ስም ነው ወይስ ሻጩ በውክልና ነው የሚሸጠው? ከባንክ የተወሰደው የ80 በመቶ ብድር ተከፍሎ አልቋል? ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም መፈረም አለባቸው፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ያለ ሁለቱ ስምምነት አያሸጥም። ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ ስላለበት፣ በሰፈር ምስክር የተፈረመ ወረቀት ብቻ ይዞ ገንዘብ መቀባበል አደገኛ ነው። ብድሩ ያልተከፈለ ቤት ነውር የለበትም፤ ቀሪው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ግን ገና ከመነሻው ይጻፍ።

ይህን ሁሉ ሰብስበን ብንጽፈው እንዲህ ይመጣል፦

«ሰሚት፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ለሽያጭ። ጂ+4፣ የመጨረሻው ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ውስጡ 44 ካሬ፣ በረንዳው ወደ 3 ካሬ፤ የጋራው ድርሻ ሲጨመር 65። ሳሎን 4.20 በ3.60፤ መኝታዎቹ 3.60 በ3 እና 3 በ2.70። ጠዋት ሳሎኑ ፀሐይ ያገኛል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፤ ባለ 1000 ሊትር ሮቶና ፓምፕ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ አይሠራም። ባለፈው ክረምት አንደኛው መኝታ አፍስሶ ቆርቆሮው ተጠግኗል፤ ምልክቱ ይታያል። ከአስፋልት በእግር 10 ደቂቃ፣ መንገዱ ኮብልስቶን። ካርታው በባልና ሚስት ስም፣ ዕዳ የለበትም። የስም ማዛወሪያ ወጪ በገዢ።»

ከዚህ በታች ዋጋው ይገባል። «በድርድር» ብሎ ባዶ መተው ደዋዩን ያበዛል እንጂ ገዢ አያመጣም፤ የሚጠየቀው ብር ይጻፍ፣ የሚቀንስ ከሆነም ይነገር።

ሻጩ ማስታወቂያውን ከማውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ለጎረቤቱ ቢያነብላቸው ጥሩ ነው። ውሃው በእርግጥ በሳምንት ሁለት ቀን መምጣቱን፣ ከአስፋልቱ የሚያስኬደው 10 ደቂቃ በሴት ወይዘሮ እርምጃ ሲለካ 15 መሆኑን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ገዢውም ቤቱን አይቶ ሲወርድ ደረጃው ላይ አስቁሞ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው።