ቀጭ ቀጭ የሚለው ሀርድ ዲስክ መቼ ይነቀል?

እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ ከደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ከተለቀመው ስብርባሪ መካከል አንድ ሀርድ ዲስክ ተገኘ። ተቃጥሏል፣ ማሸጊያው ቀልጧል፣ አፈር ገብቶበታል። በውስጡ የነበረው ዜኖን በሚባል ጋዝ ላይ በጠፈር የተካሄደ ሙከራ ውጤት ነው። ክሮል ኦንትራክ የተባለው የመረጃ ማውጫ ድርጅት ዲስኩን ፈትቶ ሳህኖቹን አጸዳ፣ በሌላ ዲስክ ውስጥ ገጠማቸውና 99 በመቶ ያህሉን መረጃ አወጣ። የሙከራው ውጤትም በ2008 ታተመ።

ሳህኖቹ ግን ሳይጎዱ አልቀሩም። ተቦርቡረው ነበር፤ ጉዳቱ ያረፈው ገና ምንም ባልተጻፈበት ክፍል ላይ በመሆኑ ነው ሥራው የተሳካው። ከዚያው አደጋ የተገኙ ሌሎች ሁለት ዲስኮች ምንም አልሰጡም። ልዩነቱን የፈጠረው የሳህኑ ገጽታ ነው። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ሞተር፣ ሰሌዳ፣ ገመድ፣ ማንበቢያ ሁሉ ከሌላ ዲስክ ሊመጣ ይችላል፤ የተፋቀ ገጽ ግን የትም አይገኝም።

ኮምፒውተሩ አላውቅህም ያለው፣ ውስጡም ቀጭ ቀጭ የሚለው ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ አደጋ ላይ የሚጥለው ይህንኑ ገጽ ነው። ጤነኛ ዲስክ ውስጥ ሳህኑ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 5400 ዙር፣ ማለትም በሴኮንድ 90 ጊዜ ይሽከረከራል። ባለሙያዎች ሄድ የሚሏቸው ጥቃቅን ማንበቢያዎች በአንድ ክንድ ጫፍ ላይ ሆነው ከሳህኑ በላይ ይንሳፈፋሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ክንዱ የት እንዳለ የሚያውቀው ፋብሪካው በሳህኑ ላይ የጻፈለትን ምልክት እያነበበ ነው። ሄዱ ከተጎዳ ምልክቱን ማንበብ ያቅተዋል፤ ክንዱም ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ይሞክራል። ያ ወጥቶ መመለስ ነው ቀጭ ቀጭ እያለ የሚሰማው። ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው ብዙዎቹ ዲስኮች ሞተሩን ያቆማሉ።

የታጠፈ ወይም የተሰበረ ሄድ በዚያ ፍጥነት በሚሽከረከር ሳህን ላይ ሲመላለስ ሊፍቀው ይችላል። የተፋቀው ብናኝ ደግሞ እዚያው ውስጥ እየተበተነ ሌሎቹን ሄዶች ያበላሻል። ስለዚህ «አንዴ ደግሜ ልሰካው» የምትለዋ ሙከራ ነጻ አይደለችም፤ ሄድ በመቀየር ሊድን የሚችለውን ዲስክ ወደማይድን ልትለውጠው ትችላለች።

ይሁንና ድምፁ ሁልጊዜ ከሄድ አይመጣም። ትንንሾቹ ዲስኮች ኃይል የሚያገኙት ከዩኤስቢ ገመዱ ብቻ ነው። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ወይም በማከፋፈያ ወይም በደከመ መሰኪያ በኩል ከተገናኘ፣ ሞተሩ የሚፈለገው ፍጥነት ላይ ሳይደርስ ይቀርና ተመሳሳይ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። የራሳቸው አዳፕተር ያላቸው ትልልቆቹ ዲስኮች ደግሞ መብራት እየመጣ እየሄደ አዳፕተሩን ካዳከመው እንዲሁ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ፈተና ይፈቀዳል። ሌላ አጭርና ጤነኛ ገመድ ይፈለጋል፤ ዲስኩ ያለማከፋፈያ በቀጥታ ይሰካል፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ በኩል። ትልቁ ዲስክ ከሆነ ቮልቱ ትክክል የሆነ ሌላ አዳፕተር ይሞከራል። ጆሮ ተጠግቶ ይደመጣል። ቀጭ ቀጩ ከተመለሰ በሴኮንዶች ውስጥ መንቀል ነው፤ ከዚያ ወዲያ በቤት የሚደረግ ሙከራ የለም። ዲስኩ ከወደቀ በኋላ ድምፁ የጀመረ ከሆነ ግን ይህም አንድ ፈተና ባይደረግ ይሻላል።

ለምሳሌ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያን እናስብ። የሁለት ቅዳሜ ሰርግ የያዘው ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ኮፒ እያደረገ ሳለ ከጠረጴዛ ወደቀ። እንደገና ሲሰካው መብራቱ ይበራል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያሳይም። ወዲያው ነቀለው። እስካሁን ያደረገው ልክ ነው።

ቀጥሎ ማሰብ ያለበት ስለ ዲስኩ ሳይሆን ስለ ካሜራ ሜሞሪዎቹ ነው። ዛሬውኑ ከካሜራው ወጥተው ይቀመጡ፤ በሚቀጥለው ሰርግ አይቀረጽባቸው። ከሜሞሪ የተሰረዘ፣ ብዙ ጊዜም ፎርማት የተደረገ ቪዲዮ እንኳ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ሊወጣ ይችላል፤ ይህም የተጎዳ ዲስክ ከማስከፈት እጅግ ይረክሳል። ኤዲት ያደረገበት ኮምፒውተርም ይፈተሽ። ለሙሽሮቹ በቴሌግራም የላከው ካለም ይቀመጥ፤ ፎቶዎቹ ጥራታቸው ቢቀንስም ከባዶ ይሻላሉ። የጠፋ የመሰለው ከፊሉ በዚህ መንገድ ሊገኝ ይችላል፤ ዲስኩ ላይ ብቻ የቀረው ምን እንደሆነም ይታወቃል። ለጥገና ምን ያህል መክፈል እንደሚገባ የሚወስነው ያ ዝርዝር ነው።

አንዳንዴ ዲስኩ ሳይንቋቋ በመሃል ይከፈታል፤ ወይም ዊንዶውስ «You need to format the disk» የሚል መልእክት ያመጣል። መልሱ Cancel ነው። Disk Management ውስጥ Initialize Disk ሲልም እንዲሁ። CHKDSK የሚባለውን ማስተካከያ ማስኬድም አይገባም፤ እሱ ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ያለውንም ሊያዛባ ይችላል። ዲስኩ በጸጥታ ከተከፈተ የፎቶ ፎልደሮችን እየከፈቱ ማየት ይቅርና በጣም የሚፈለገው ፎልደር መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። በመሃል ቀጭ ካለ እዚያው ላይ ይቆማል።

ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ የሚለው የቆየ ምክር አደገኛ ነው፤ ቀዝቅዞ የወጣ ዲስክ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛውም ሄዱ የሚንሳፈፍበት ገጽ ላይ ያርፋል። መምታትና ክዳኑን መክፈትም እንዲሁ። ከሌላ ዲስክ ሰሌዳ ፈትቶ መግጠምም ቀላል መፍትሔ አይደለም፤ በብዙ ዲስኮች ሰሌዳው ላይ ለዚያ ለአንዱ ዲስክ ብቻ የተለካ መረጃ ተጽፏል፣ ሳይዛወር አይሠራም። እንደ ዌስተርን ዲጂታል ማይ ፓስፖርት ባሉ ብዙ ዲስኮች ደግሞ የዩኤስቢ መሰኪያው ከሰሌዳው ጋር አንድ ሆኖ ተሠርቷል፣ መረጃውም በሰሌዳው በኩል ሊመሰጠር ይችላል። ከሽፋኑ አውጥቶ ሌላ ቤት ውስጥ መክተት ያኔ አያዋጣም፤ የመጀመሪያው ሰሌዳም መጣል የለበትም።

ወደ ጥገና ቤት ሲኬድ መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው። ዲስኩን የሚከፍቱት አቧራ በተጣራበት ክፍል ወይም ሳጥን ውስጥ ነው ወይ? ሄድ የሚወሰድለት ተመሳሳይ ሞዴል ዲስክ ያገኛሉ ወይ? ሥራው የሚጀመረው ሙሉ ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ በማውጣት ነው ወይ? መልሱ «ሶፍትዌር እናስኬድበታለን» ብቻ ከሆነ ዲስኩን ይዞ መመለስ ነው። የሪከቨሪ ሶፍትዌር ለተሰረዘ ፋይል ይጠቅማል፤ ቀጭ ቀጭ በሚል ዲስክ ላይ ግን ለሰዓታት የተጎዳውን ሄድ በሳህኑ ላይ ያመላልሰዋል።

የዋስትና ወረቀት ያለውም ይጠንቀቅ። የአምራቹ ዋስትና በተለምዶ የሚተካው ዲስኩን እንጂ መረጃውን አይደለም፤ ለመቀየርም አሮጌው ይሰጣል፣ አይመለስም። መረጃው የሚፈለግ ከሆነ መጀመሪያ ማውጫ ቤት ይኬዳል፤ ማውጫ ቤቱ ሲከፍተው ዋስትናው ይቀር እንደሆነ ግን ቀድሞ ይጠየቅ።