ቀነ ገደብን በቀለም የሚያሳይ የኤክሴል መዝገብ፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር

በእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ በደብረ ወርቅ ለነጋዴዎች ሒሳብ የሚሠራ ሰው ከሐምሌ ጀምሮ ዐይኑን የማይነቅልባቸው ሁለት ቀናት አሉ፤ ነሐሴ 30 እና ጥቅምት 30። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ ለደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ ሁለት ወር፣ ለደረጃ «ሀ» ደግሞ አራት ወር ሰጥቷል። ሠራተኛ የቀጠረ ደግሞ ከደመወዝ የቀነሰውን ግብር ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ያደርጋል። ደንበኛው አንድ ሲሆን ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ይቻላል። ሃያ ሲሆኑ ግን በየጠዋቱ «የማን ቀን ቀረበ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መዝገብ ያስፈልጋል።

ኤክሴል ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራል። የቀረውን ቀን ቆጥሮ ረድፉን ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ያደርገዋል። ችግሩ የእኛን ቀን አለማወቁ ነው። ለኤክሴል ቀን ማለት ተራ ቁጥር ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ ይጀምርና በየቀኑ አንድ ይጨምራል። ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ ነሐሴ 30 ቀን 2017ን 30/12/2017 ብለው ቢጽፉለት የፈረንጆቹን ዲሴምበር 30 ቀን 2017 አድርጎ ይቀበላል። ያ ቀን ካለፈ ዓመታት ስለሆነ ረድፉ ወዲያው ቀይ ይሆናል። ይህ ስሕተት ቢያንስ ይታያል። የሚያስፈራው ጥቅምት 30 ነው። 30/2/2018 ተብሎ ሲጻፍ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለማያውቅ ጽሑፉን እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ፊደል ያስቀምጠዋል። በኤክሴል ንጽጽር ፊደል ምንጊዜም ከቁጥር ይበልጣል፤ ስለዚህ «ከዛሬ ያነሰ ከሆነ ቀይ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ በዚያ ሴል ላይ መቼም አይሠራም። ቀኑ ያልፋል፣ ሴሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ቁጥር የሆነ ቀን ራሱን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፣ ፊደል የሆነው ወደ ግራ ተለጥፎ ይገኛል።

መፍትሔው ቀኑን፣ ወሩን እና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍና ልወጣውን ለፎርሙላ መተው ነው። በ A የደንበኛው ስም፣ በ B ጉዳዩ፣ በ C ቀን፣ በ D ወር (መስከረም 1 ተብሎ ጳጉሜን 13 ይሆናል)፣ በ E ዓመት ይግባ። በ F2 ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፦

```
=IF(COUNT(C2:E2)=3,365*E2+INT(E2/4)+30*D2+C2-691194,"")
```

የእኛ አቆጣጠር ለእንዲህ ያለ ስሌት የተመቸ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ወራት እኩል ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ወሩን በ30 ማባዛት ይበቃል። `INT(E2/4)` በየአራት ዓመቱ ስድስት የምትሆነውን ጳጉሜን ይይዛል። 691194 ደግሞ የእኛን ቆጠራ ከኤክሴል መነሻ ጋር የሚያገናኘው ልዩነት ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2018ን፣ ማለትም 30፣ 2፣ 2018ን ስናስገባ 45970 ይወጣል። የ F ዓምድን ቅርጽ ወደ ቀን ብንለውጠው ኖቬምበር 9 ቀን 2025 ይነበባል፤ ትክክል ነው።

በ G2 ቀሪው ቀን ይሰላል፦

```
=IF(F2="","",F2-TODAY())
```

ኖቬምበር 4 ላይ፣ በእኛ ጥቅምት 25 መሆኑ ነው፣ መዝገቡን የከፈተ ሰው እዚህ 5 ያያል። ጳጉሜን ላይ የአእምሮ ስሌት ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ 25 ላይ ሆኖ እስከ መስከረም 10 የቀረውን የሚያሰላ ሰው 15 ቀን ሊል ይችላል፤ ፎርሙላው ግን ጳጉሜንን ጨምሮ 20 ይላል። በ2019 መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን ያው ስሌት 21 ይሰጣል። ሁለቱን ፎርሙላዎች ደንበኞቹ እስካሉበት ረድፍ ድረስ ወደ ታች እናወርዳለን። H ባዶ ይቆይና ጉዳዩ ሲያልቅ የደረሰኝ ቁጥር ይጻፍበት።

አሁን ወደ ቀለሙ። ከ A2 ጀምረን ወደ H100 እየጎተትን እንመርጥና በ `Home` ሥር `Conditional Formatting`፣ ከዚያ `New Rule`፣ ከዚያ `Use a formula to determine which cells to format` እንላለን። አራቱን ደንቦች አንድ በአንድ፣ በዚህ ቅደም ተከተል እናስገባለን፦

```
=AND(ISNUMBER($G2),$G2<=30)
=AND(ISNUMBER($G2),$G2<=7)
=AND(ISNUMBER($G2),$G2<0)
=$H2<>""
```

የመጀመሪያው ቢጫ፣ ሁለተኛው ብርቱካናማ፣ ሦስተኛው ቀይ፣ አራተኛው ግራጫ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ኤክሴል አዲስ የገባውን ደንብ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀምጣል፤ ሁለት ደንቦች አንድ ሴል ላይ ሲጋጩ ደግሞ ከላይ ያለው ያሸንፋል። ሦስት ቀን የቀረው ጉዳይ ከ7ም ከ30ም በታች ስለሆነ ሁለቱም ደንቦች ይነኩታል። ሰፊው ደንብ መጨረሻ ላይ ቢገባ አናት ላይ ይወጣና ያለፈበትም፣ ነገ የሚያልቀውም፣ ወር የቀረውም አንድ ዓይነት ቢጫ ይለብሳሉ። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ በ `Manage Rules` ውስጥ ባለው ቀስት ማስተካከል ይቻላል። የመጨረሻው ቀን ራሱ ዜሮ ስለሆነ ብርቱካናማ እንጂ ቀይ አይሆንም፤ በዚያ ቀን የከፈለ ሰው አልዘገየምና።

ከ G ፊት ያለው የዶላር ምልክት ረድፉ በሙሉ ወደ አንድ ዓምድ ብቻ እንዲመለከት ያደርጋል። እሱ ከቀረ እያንዳንዱ ሴል የራሱን ጎረቤት ይፈትሽና ቀለሙ ተበጣጥሶ ይታያል። ከቁጥር 2 ፊት ግን ዶላር አይገባም። ምርጫው ከ A1 ተጀምሮ ደንቡ `$G2` ቢል ደግሞ እያንዳንዱ ረድፍ ከሥሩ ያለውን ሰው ቀለም ይለብሳል። `ISNUMBER` የገባው ፎርሙላ ላልወረደባቸው ባዶ ረድፎች ሲባል ነው፤ ኤክሴል ባዶ ሴልን ዜሮ ስለሚያደርገው፣ እሱ ከሌለ ማንም ያልተጻፈበት ረድፍ «ዛሬ ያልቃል» ብሎ ብርቱካናማ ይሆናል።

7 እና 30 የእኔ ምርጫ ናቸው፤ ሌላው ሰው የራሱን ሥራ አይቶ ይወስን። የደመወዝ ግብር በየወሩ ስለሚመጣ የ30 ቀኑ ደንብ ሁልጊዜ ቢጫ ያደርገዋል፤ ሁልጊዜ የሚበራ ቀለም ደግሞ ዐይን ይለምደዋል። ለእሱ ለብቻው ገጽ ከፍቶ 10 እና 3 ማድረግ ይሻላል። የሒሳብ መግለጫ ማዘጋጀት ለሚጠይቀው ለደረጃ «ሀ» ግን ሠላሳ ቀን ያንሳል፤ እኔ 45 አደርገዋለሁ።

ይህ ሁሉ የቆመው በ `TODAY()` ላይ ነው፣ እሱም የሚያነበው የኮምፒውተሩን ሰዓት ነው። በአሮጌ ዴስክቶፕ የማዘርቦርዱ ባትሪ ከሞተ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ያኔ ቀሪው ቀን በሺህ ይቆጠራል፣ ቀይ የነበረው ሁሉ ይነጣል፣ መዝገቡም ምንም የሌለበት ይመስላል። ስለዚህ ሁለተኛውን ረድፍ ለማንም ደንበኛ ሳይሰጡ ለመፈተሻ መተው ይበጃል። ጠዋት መዝገቡ ሲከፈት ከግድግዳው ካላንደር የዕለቱ ቀን፣ ወርና ዓመት እዚያ ይጻፋል። G2 ዜሮ ካለ ሰዓቱም ፎርሙላውም ደኅና ናቸው። ሌላ ቁጥር ካለ ከሥሩ ያለውን ቀለም ሳያምኑ መጀመሪያ ሰዓቱን ማስተካከል ነው።