መብራት ሲመለስ የሚቃጠሉ ዕቃዎች

ወደ ጥገና ቤት ፍሪጅ ወይም ቴሌቪዥን ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው አንድ ዓይነት ነው፤ «ደህና ይሠራ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው እምቢ ያለው»። እውነቱን ነው። መብራት መጥፋቱ ብቻውን ዕቃ የሚያበላሸው አልፎ አልፎ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ኃይሉ ሲመለስ፣ መጥቶ ወዲያው ሲሄድ፣ ወይም ከሚገባው በላይ ሲሆን ነው። ደግሞም ፍሪጅን የሚገድለውና ቴሌቪዥንን የሚገድለው አንድ ነገር አይደለም። ይህን ልዩነት ያልለየ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የማያድነውን መከላከያ ይገዛል።

ከፍሪጁ እንጀምር። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ኮምፕሬሰር ጋዝ እያመቀ የሚገፋ ሞተር ነው። ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ሲቆም በአንዱ በኩል ያለው የጋዝ ግፊት ከፍ ብሎ፣ በሌላው በኩል ዝቅ ብሎ ይቀራል። ሁለቱ ወገኖች እኩል እስኪሆኑ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። መብራት ሄዶ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ ሞተሩ ያንን ግፊት ተቃውሞ ለመነሣት ይታገላል። መነሣት ያቃተው ሞተር በመደበኛው ጊዜ ከሚወስደው አምስትና ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ከረንት ይስባል፤ ጥቅልሉም ይግላል። ከፍሪጁ ጀርባ በየጥቂት ደቂቃው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማና ማቀዝቀዙ ከቆመ፣ ሙቀት ሲበዛ የሚቆርጠው መከላከያ እየቆረጠና እየመለሰ ነው ማለት ነው። ፍሪጁን ወዲያው ነቅሎ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሁኔታ ሰዓታት የቆየ ኮምፕሬሰር ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ሁለተኛው የፍሪጅ ጠላት የኃይል ማነስ ነው። የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከዚያ በፈጠነ ሁኔታ ይወርዳል። በአገራችን የቤት መስመር መደበኛው 220 ቮልት ነው። ማታ ሁሉም እራት ሲያበስል ወደ 160 ቮልት ቢወርድ፣ የኮምፕሬሰሩ የመነሻ ጉልበት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ፍሪጁ ግን ሞተሩ ሳይዞር ይቃጠላል።

ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር እንዲህ ያለ ችግር የለባቸውም። ከጀርባቸው ወይም ከአዳፕተራቸው ላይ `INPUT: 100-240V` የሚል ጽሑፍ ካለ፣ 160 ቮልት ላይም ያለ ጭንቀት ይሠራሉ። የሚያጠፋቸው ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ነው። የገባውን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር የሚባል ሲሊንደር በውስጣቸው አለ፤ ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። መስመሩ 220 ሲሆን ካፓሲተሩ ላይ የሚደርሰው ወደ 310 ቮልት ነው። መስመሩ 300 ቢደርስ ግን ካፓሲተሩ ከ420 በላይ ይሸከማል። ያኔ ጫፉ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። የተቃጠለ ቴሌቪዥን ሲከፈት የጠቆረ የመስታወት ፊውዝና ያበጠ ካፓሲተር ከታየ፣ ከልክ ያለፈ ኃይል መግባቱን የሚጠቁም ምልክት ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዕቃ ካለም ይኸው ጽሑፍ ይታይ። `120V 60Hz` ብቻ የሚል መፍጫ ወይም የሩዝ ማብሰያ ያለ ትራንስፎርመር ሶኬታችን ላይ ከተሰካ፣ መስመሩ ፍጹም ደህና በሆነበት ቀንም ይቃጠላል።

እንግዲህ መስመሩ 300 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚሆነው እንዴት ነው? ክረምት ላይ የሚወርድ መብረቅ አንዱ ምክንያት ነው፤ እሱ ግን ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ የሚያልፍ ምት ነው። ለደቂቃዎች የሚቆየውና አንድን ሰፈር በሙሉ የሚያቃጥለው ዋናው ምክንያት የኒውትራል መበጠስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈር ትራንስፎርመር የሚወጣው መስመር ሦስት ፌዝና አንድ የጋራ ኒውትራል አለው። በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220፣ በሁለት ፌዞች መካከል ደግሞ 380 ቮልት አለ። ቤቶች በሦስቱ ፌዞች ላይ ተከፋፍለው ይገናኛሉ፤ ሁሉንም 220 ላይ አስሮ የሚይዛቸው ኒውትራሉ ነው። ነፋስ የወዘወዘው ወይም መገጣጠሚያው የዛገ ኒውትራል ከተላቀቀ፣ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ጎረቤታሞች 380ውን ቮልት ይካፈሉታል፤ ክፍፍሉም እኩል አይሆንም። ጥቂት ዕቃ የከፈተው ቤት ብዙውን ድርሻ ይወስዳል።

በቁጥር እንየው። አንደኛው ቤት 3500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለኩሶ እንጀራ ይጋግራል። ሁለተኛው ቤት ቴሌቪዥን፣ አምፖልና ዋይፋይ ከፍቷል፤ ሁሉም ተደምሮ 200 ዋት ቢሆን ነው። የምጣዱ ተቃውሞ 14 ኦም ያህል ነው፤ የሁለተኛው ቤት ዕቃዎች ተቃውሞ ግን 240 ገደማ ይሆናል። ኒውትራሉ ሲበጠስ ሁለቱ ቤቶች በ380 ቮልት መካከል ተከታትለው የተገናኙ ያህል ይሆናሉ። በዚህ ስሌት ምጣዱ ላይ ወደ 20 ቮልት ሲቀር፣ ቴሌቪዥኑ ያለበት ቤት ከ350 ቮልት በላይ ይገባበታል። ጋጋሪዋ «ምጣዱ ቀዘቀዘብኝ» ስትል፣ ከጎረቤት ጭስ ይወጣል።

ይህ ሲጀምር ምልክት አለው። በአንድ ግቢ ውስጥ የአንዱ ቤት አምፖል ከልክ በላይ ደምቆ የሌላው ከፈዘዘ፣ ወይም ምጣድ ሲለኮስ የሌላ ቤት አምፖል በመደብዘዝ ፈንታ ከደመቀ፣ ኒውትራሉ ላልቷል። ጊዜ ሳያጠፉ ዋናውን ብሬከር ማውረድ፣ ለጎረቤት መናገርና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማሳወቅ ነው። የተበጠሰ ኒውትራል ራሱ ኃይል ሊይዝ ስለሚችል ማንም በእጁ አይንካው።

ብዙ ሰው በዚህ ሁሉ ላይ የሚተማመነው ቀይ መብራት ባለው ዲቫይደር ነው። በርካታ ዲቫይደሮች ውስጥ ምንም መከላከያ የለም፤ ሽቦና ሶኬት ብቻ ናቸው። ደህና የተባሉት ውስጥ ደግሞ ቫሪስተር የሚባል ትንሽ ክብ ቁራጭ አለ። ቫሪስተር የመብረቅን ዓይነት ቅጽበታዊ ምት ይውጣል፤ ለዚያ ሥራ ጥሩ ነው። ለደቂቃ የሚዘልቅ 350 ቮልት ሲመጣበት ግን ግሎ ራሱ ይቃጠላል፤ ዲቫይደሩም ሊቀጣጠል ይችላል። የመብረቅ ምትንም ቢሆን በሚገባ የሚያሳልፈው ሶኬቱ እውነተኛ የመሬት መስመር ሲኖረው ነው። ስለዚህ መብረቅ ሲያንጎራጉር የቴሌቪዥኑን ሶኬትና የዲሽ ገመዱን መንቀል አሁንም የሚያስተማምን መላ ነው።

ኒውትራል ሲበጠስም፣ ኃይል ሲያንስም፣ መብራት ሲመላለስም የሚያገለግል ሌላ ዕቃ አለ፤ ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠም የቮልቴጅ መከላከያ። ፊቱ ላይ የመስመሩን ቮልት በቁጥር ያሳያል። መስመሩ ከተወሰነለት ልክ ሲወጣ ይቆርጣል፤ ሲስተካከል ደግሞ የታዘዘውን ያህል ጠብቆ ይመልሳል። ለአንድ ቤት የሚስማማው አሞላል፣ ላይኛው ገደብ 250 ቮልት፣ ታችኛው 180፣ የመጠበቂያው ጊዜ 180 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ይህ የሦስት ደቂቃ ጥበቃ ለፍሪጁ ኮምፕሬሰር ዕረፍት ይሰጠዋል። ዕቃው ሲሸጥ መጠበቂያው ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ላይ ተሞልቶ ስለሚመጣ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ገጥሞ ከመሄዱ በፊት ዋናውን ብሬከር አውርዶ መልሶ እንዲያነሣና ኃይሉ ስንት ቆይቶ እንደሚመለስ እንዲያሳይ ይጠየቅ።

ምጣዱ በዚህ መከላከያ ውስጥ እንዳያልፍ ማድረግ ይሻላል። ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የርካሽ መከላከያዎች መገናኛ በላያቸው የተጻፈውን አምፔር ሁሉ ላይችል ይችላል፣ ውሎ አድሮም ይጣበቃል። የተጣበቀ መገናኛ ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይቆርጥም። ስለዚህ ምጣዱ ከሳጥኑ የራሱ ብሬከርና የራሱ ወፍራም ሽቦ ይኑረው፤ ፍሪጁና ኤሌክትሮኒክስ ያሉባቸው ሶኬቶች ብቻ በመከላከያው በኩል ይለፉ። ተከራይ ሆኖ ሳጥን መንካት የማይችል ሰው፣ ፍሪጁ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ትንሽ መከላከያ መግዛት ይችላል፤ ሥራው ያው ነው፣ የሚጠብቀው ግን አንድ ዕቃ ብቻ ነው።

ማታ ማታ ኃይሉ ከ180 በታች እየወረደ መከላከያው ደጋግሞ የሚቆርጥ ከሆነ፣ የታችኛውን ገደብ ወደ 150 ማውረድ ፍሪጁን ለአደጋ መልሶ መስጠት ነው። ያኔ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ከመግዛት በፊት ግን አንድ ልኬት ይደረግ፤ ምጣዱ ተለኩሶ እያለ ኤሌክትሪሺያኑ ቮልቱን ብሬከር ሳጥኑ ላይ፣ ቀጥሎም ምጣዱ የሚሰካበት ሶኬት ላይ ይለካ። ሁለቱም ጋ ዝቅ ያለ ከሆነ ማነሱ የሚመጣው ከውጭ ነው። ሳጥኑ ላይ 215፣ ሶኬቱ ላይ 190 ከሆነ ግን ችግሩ ያለው በቤቱ ሽቦ ውስጥ ነው። የጠፋው 25 ቮልት የትም አልሄደም፤ በቀጭኑ ሽቦ ወይም በላላው መገጣጠሚያ ላይ ከ300 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ግድግዳው ውስጥ ይነዳል። ይህን ስታቢላይዘር አይፈታውም፤ እሳት ከመነሣቱ በፊት ሽቦው መቀየር አለበት።

ስታቢላይዘር የሚገዛው ለፍሪጁ ከሆነ፣ ፍሪጁ በሚጽፈው 150 ዋት አይመረጥ። ሞተሩ ሲነሣ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ቢያንስ 1000 ቪኤ፣ ቢቻል 1500 የሚል ይፈለግ። በሰፈሩ የሚታየው ዝቅተኛ ቮልት ስታቢላይዘሩ እቀበላለሁ በሚለው ልክ ውስጥ መግባቱም ከጀርባው ይነበብ።

መብራት ሲጠፋ መሥራቱን እንዲቀጥል የምንፈልገው ዕቃ ዋይፋይና ላፕቶፕ ከሆነ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃል። ብዙዎቹ ትናንሽ ዩፒኤሶች ውስጥ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለ፤ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ይዞ፣ በተግባር የሚሰጠው ግን ግማሹን ያህል ነው። 10 ዋት የሚወስድ ዋይፋይን ለጥቂት ሰዓታት ያቆያል፤ 80 ዋት ቴሌቪዥን ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። ፍሪጅ በእንዲህ ያለ ዩፒኤስ ላይ አይሰካ፤ የመነሻ ጉልበቱን አይችለውም።

ገንዘብ እስኪገኝ ድረስም ምንም የማያስወጣ መከላከያ አለ። መብራት እንደጠፋ የፍሪጁንና የቴሌቪዥኑን ሶኬት መንቀል፣ አንድ አምፖል ብቻ ክፍት መተው ነው። መብራት ሲመጣ አምፖሉ ሳይደምቅና ሳይፈዝ ለአምስት ደቂቃ ከቆየ፣ መጀመሪያ ፍሪጁን፣ ቀጥሎ ሌላውን መሰካት ይቻላል።