አንድ ደም፣ ሁለት ቁጥር፦ የኩላሊት ቀመር የዘር ማባዣውን ለምን ጣለ?

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በሚጠራው ሰፈር የሚኖር ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሙን ተመርምሮ በሚቀበለው ወረቀት ላይ፣ eGFR ከሚለው ምልክት ጎን ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮችን ያገኝ ነበር። አንዱ «አፍሪካ አሜሪካዊ ከሆነ»፣ ሌላው «ካልሆነ» የሚል ነው። የተቀዳው ደም ግን አንድ ነው፤ ኩላሊቶቹም እነዚያው ናቸው።

ቁጥሩ ኩላሊት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚያጣራ የሚገልጽ ግምት ነው። በቀጥታ ለመለካት ልዩ ንጥረ ነገር በመርፌ ሰጥቶ ከደም የሚወገድበትን ፍጥነት ለሰዓታት መከታተል ያስፈልጋል። ይህ ለዕለት ተዕለት ሕክምና አይመችም። ስለዚህ ሐኪሞች ክሬያቲኒን የተባለውን፣ ከጡንቻ የሚወጣና ኩላሊት የሚያስወግደውን ቆሻሻ ይለካሉ፤ ከዚያም ዕድሜንና ጾታን ጨምረው በቀመር ያሰላሉ። ግምት ነውና በቀላሉ ይዛባል። የበሰለ ሥጋ የበላ ሰው ክሬያቲኒኑ ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ይላል። ጥሬ ሥጋ ግን ይህን ያህል አያደርገውም፤ ክሬያቲኒን በብዛት የሚፈጠረው ሥጋው በእሳት ሲሞቅ ነውና።

ዘር ወደ ቀመሩ የገባው በ1999 ነው። በአሜሪካ 1,628 የኩላሊት ሕሙማን በቀጥታ ተለክተው ሲነጻጸሩ፣ የማጣራት አቅማቸው እኩል በሆኑ ሰዎች መካከል ጥቁሮቹ በአማካይ ከፍ ያለ ክሬያቲኒን ታየባቸው። ጥቁሮቹ ከተሳታፊዎቹ 12 በመቶ ገደማ ነበሩ። አዘጋጆቹ የጥቁር ሰው ውጤት በ1.18 እንዲባዛ አደረጉ፤ በ2009 የወጣው ተተኪ ቀመር ማባዣውን ወደ 1.159 ዝቅ አደረገው። «ጥቁሮች ጡንቻቸው ይበዛል» የሚለው ምክንያት ቢሰጥም ማስረጃው ደካማ ነበር።

ከስሌት አንጻር ማባዣው አማካዩን ያስተካክላል። ችግሩ የሚለካው አካልን ሳይሆን በቅጽ ላይ የተሞላች ሳጥንን መሆኑ ነው። ጎንደር ተወልዶ ሎስ አንጀለስ የኖረ ሰው፣ አያቶቹ በሚሲሲፒ የተወለዱ ሰው፣ እናቱ ነጭ የሆነች ሰው፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ይባዛሉ። በ2008 በደቡብ አፍሪካ በጥቁሮች ላይ የተደረገ ጥናት ቀመሩ ያለ ማባዣው ይበልጥ እንደሚሠራ አሳይቷል። ይህ አፍሪካዊ ማስረጃ ከዓመታት በኋላ ብቻ ሰፊ ትኩረት ማግኘቱ ያስገርማል።

ውጤቱ በሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ እንይ። ዕድሜው 58 የሆነ፣ ክሬያቲኒኑ በዴሲሊትር 3.5 ሚሊግራም የደረሰ አንድ የታክሲ አሽከርካሪ አለ እንበል። የ2009ኙ ቀመር ያለ ማባዣ 18 ይሰጠዋል፤ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ሲሞላ 21 ይሆናል። በአሜሪካ እጥበት ያልጀመረ ሰው ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋው የሚቆጠርለት ቁጥሩ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ይህ ሰው በ18 ይቆጠርለታል፤ በ21 ግን ኩላሊቱ ይበልጥ እስኪዳከም ይጠብቃል።

እንደ ካሊፎርኒያዋ የኩላሊት ሐኪም ቫኔሳ ግራብስ ያሉ ባለሙያዎች ይህን ለዓመታት ሲተቹ ቆዩ። በ2020 ሁለት የአሜሪካ የኩላሊት ማኅበራት የጋራ ግብረ ኃይል አቋቋሙ፤ በመስከረም 2021ም ዘር የሌለው አዲስ ቀመር በመላ አገሪቱ እንዲተካ መከሩ። በዚህ ቀመር አሽከርካሪያችን 19 ያገኛል። የአካል ንቅለ ተከላ መረቡም በ2022 በዘር የተሰላን ውጤት ከለከለ። ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ ሆስፒታሎች የጥቁር ተጠባባቂዎቻቸውን መዝገብ መልሰው እየመረመሩ፣ ወረፋው መጀመር የነበረበት ቀን ከተገኘ የጠፋውን ጊዜ እንዲመልሱ ታዘዙ። እንዲህ ጊዜ የተመለሰላቸው ከ14,000 ይበልጣሉ።

ሆኖም ዘርን ማውጣት ስሕተቱን አላጠፋውም፤ አከፋፈለው እንጂ። አዲሱ ቀመር የጥቁሮችን አቅም በአማካይ በትንሹ ዝቅ፣ የሌሎችን በትንሹ ከፍ አድርጎ ይገምታል። በትንሹ ዝቅ ማለት ለወረፋ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የመድኃኒት መጠን ያለ አግባብ ሊያስቀንስ ወይም ኩላሊቱን ለወንድሙ ሊለግስ የመጣን ጤናማ ሰው ሊያስመልስ ይችላል።

ለዚህ ግብረ ኃይሉ የጠቆመው ሁለተኛ ምርመራ ሲስታቲን ሲ የተባለውን ፕሮቲን መለካት ነው። ይህ ፕሮቲን ከጡንቻ ብቻ ሳይሆን ከመላው የሰውነት ሕዋሳት የሚመነጭ ነው። የራሱ እንከን አለው፤ ማጨስ፣ ውፍረትና የታይሮይድ ሕመም ያዛቡታል። ከክሬያቲኒን ጋር ተጣምሮ ሲሰላ ግን ስለ ዘር ሳይጠየቅ በቀጥታ ወደ ተለካው ቁጥር ከሁለቱም ይበልጥ ይቀርባል። ቁጥሩ 20 አካባቢ የሚንገዋለል ሰው ሐኪሙን «ሲስታቲን ሲም ይታዘዝልኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል።