«ሲስተም የለም» ሲሉን የሌለው የቱ ነው?

ባንክ ወረፋ ጠብቀን መስኮቱ ጋ ስንደርስ «ሲስተም የለም» እንባላለን። ብዙውን ጊዜ የተቋረጠው ኔትዎርኩ ነው። የሒሳባችን መዝገብም ሆነ የባንኩ የአሠራር ደንብ ያው እንደነበረ አለ። በአንድ ቃል «ሲስተም» ብለን የጠቀለልነው ነገር እንግዲህ ብዙ ነገር ነው። ይህን ጥቅል ፈትቶ፣ የቱ በየቱ ላይ እንደቆመ በካርታ የሚያሳየው ሙያ ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውና በሙያው በሰፊው የሚሠራበት ቶጋፍ የተባለው ማዕቀፍ ጥቅሉን በአራት ንብርብር ይከፍለዋል። ከላይ ሥራው አለ፦ ዕቃ ሲገባ ማን ይረከባል፣ ማን ይፈርማል፣ በምን ዋጋ ይመዘገባል? ኮምፒውተር ባይኖርም ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያስፈልጋል። ቀጥሎ መረጃው ይመጣል፤ ዕቃው፣ ደንበኛው፣ ዋጋው በምን መልክ ተጽፎ ይቀመጣል? ሦስተኛው ሠራተኛው በየቀኑ የሚከፍተው አፕሊኬሽን ነው። ከሁሉ በታች ሰርቨሩና ኔትዎርኩ፣ ማለትም ቴክኖሎጂው አለ። «ሲስተም የለም» የሚያሰኘን አብዛኛውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ነው።

ኢአርፒ ግዥን፣ መጋዘንን፣ ሒሳብንና ደመወዝን በአንድ መዝገብ ላይ የሚያገናኝ ትልቅ ሶፍትዌር ነው። ቦታው የት ነው ቢባል መልሱ ሦስተኛው ንብርብር ነው። ነገር ግን ብቻውን አይመጣም። መረጃ የሚቀመጥበትን ሰንጠረዥ ይዞ ይመጣል፤ «ሥራው እንዲህ ይሠራል» የሚል የራሱን ደንብም ይዞ ይመጣል። ሶፍትዌር ገዛሁ ያለ ድርጅት ሳያስበው አሠራርም ገዝቷል።

የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ሰንሰለት ሊድል ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የቆየውን ሲስተሙን በኤስኤፒ ኢአርፒ ለመተካት ሥራ ጀመረ። በ2018 አቆመው። የጀርመን ጋዜጦች እንደዘገቡት እስከዚያ ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ ወጥቶበት ነበር። ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ የተነገረው ቀላል የሚመስል ነገር ነው፦ ሊድል ክምችቱን የሚተምነው በመግዣ ዋጋ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ የተሠራው ግን በመሸጫ ዋጋ ለመተመን ነበር።

ለምሳሌ 1,000 ፓኮ ወተት እንውሰድ። አንዱ በ80 ሳንቲም ተገዝቶ በ1 ዩሮ ይሸጣል እንበል። በሊድል ልማድ መደርደሪያው ላይ ያለው 800 ዩሮ ነው፤ በሶፍትዌሩ ልማድ 1,000 ዩሮ። አሁን ወተቱ ወደ 90 ሳንቲም ይቀነስ። በሁለተኛው አቆጣጠር ክምችቱ በዚያው ቅጽበት ወደ 900 ይወርዳል፤ የ100 ዩሮ ለውጥ ሒሳብ ላይ መመዝገብ አለበት። በመጀመሪያው ግን ምንም አልተነካም፤ 800 እንደሆነ ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ዋጋ መቀየር ወረቀት መለጠፍ ብቻ ሲሆን ሌላው ቤት ውስጥ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ልዩነቱ የተበላሸና የተሰረቀ ዕቃ ሲመዘገብ፣ ትርፍም ሲሰላ ተከትሎ ይሄዳል።

ሊድል ልማዱን መለወጥ አልፈለገም፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ወደ እሱ ልማድ እንዲጠመዘዝ ተደረገ። እንዲህ ያለ ጥምዘዛ ኮዱን ያወሳስባል፤ ሻጩ አዲስ ስሪት ባወጣ ቁጥርም የተቀየረው ሁሉ እንደገና መፈተሽ አለበት። ሰርቨር ቢጨመር ይህን አይፈታም፤ ችግሩ ያለው ታች ሳይሆን ላይ፣ ሥራው ዘንድ ነውና።

እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ይህ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። ሐምሌ የሚያልቀው ኦገስት 6 ነው። ሒሳብን በጁላይ 31 እዘጋለሁ ብሎ የተሠራ ሶፍትዌር የእኛን ወር መሀል ላይ ይቆርጠዋል። ጳጉሜንስ ከነሐሴ ጋር ትቆጠር ወይስ ለብቻዋ? ሶፍትዌሩ በሁለቱም መንገድ ሊስተካከል ይችል ይሆናል፤ መወሰን ያለበት ግን ሒሳብ ክፍሉ ነው።

ውሳኔው ሳይወሰን ኢአርፒ የገባበት ቤት በቶሎ ይታወቃል። ወር ሲዘጋ ሠራተኛው ከአዲሱ ሲስተም ቁጥሩን አውጥቶ ኤክሴል ላይ እንደገና ይደምራል። በመሥሪያ ቤትዎ ይህን ካዩ አይቲ ክፍሉን ከመውቀስዎ በፊት ይጠይቁ፦ ይህ ሶፍትዌር ሲገዛ መጋዘን ጠባቂውና ሒሳብ ሹሙ ተጠይቀው ነበር?